አራሷ እንቅልፍ ካጣች፣ ንግግሯም ከተለወጠ፦ ስለ ድህረ ወሊድ ሳይኮሲስ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴና ኮምቦልቻ ላይ አራስ ይዘው የሚመጡ ባሎች፣ እናቶችና አማቶች ደጋግመው የሚጠይቁኝ እነዚህን ነው፤ ከቀላሉ ጀምሬ ወደ ከባዱ እሄዳለሁ።

ድህረ ወሊድ ሳይኮሲስ ምንድን ነው? አራስ ሁሉ ሆድ ይብሳት የለም እንዴ?

ሆድ መባስና ይሄ ለየቅል ናቸው። በወለደች በ3ኛው በ4ኛው ቀን ያለምክንያት እንባዋ የሚመጣ፣ በትንሽ በትልቁ የሚከፋት አራስ ብዙ ናት። ግን ዕድል ስታገኝ ትተኛለች፣ ትበላለች፣ ልጇንም ታውቀዋለች። በ2 ሳምንት ውስጥ ያልፍላታል። ድብርት ደግሞ ቀስ ብሎ፣ በሳምንታት ውስጥ ነው የሚመጣው።

ሳይኮሲስ ማለት እውነት የሆነውንና ያልሆነውን መለየት ሲያቅት ነው። የሌለ ድምፅ ይሰማታል። ያልተፈጠረ ነገር እንደተፈጠረ አምና ትከራከራለች። አንዴ ትስቃለች፣ ወዲያው ትደነግጣለች፣ ቀኑንና ሰዓቱን ታምታታለች። ከ1,000 ወላዶች 1 ወይም 2 ላይ ይደርሳል። ደም እየፈሰሳት ያለች አራስን «እስኪ ነገ እናያለን» የሚል ቤተሰብ የለም። ይሄም እንደዚያው ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ጋ መድረስ አለባት።

መቼ ይጀምራል? መጀመሪያ የሚታየውስ ምንድን ነው?

አብዛኛውን ጊዜ በመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት፣ ብዙ ጊዜም በ3ኛውና በ10ኛው ቀን መካከል ነው። መጀመሪያ የሚሄደው እንቅልፍ ነው። አራስ እንቅልፍ ማጣቷ ብርቅ አይደለም ትሉኛላችሁ። ልዩነቱ እዚህ ጋ ነው፦ ጤነኛዋ አራስ ልጁ ሲተኛ ወድቃ ትተኛለች። ይሄኛው የጀመራት ግን ልጁ ተኝቶ፣ ቤቱ ጸጥ ብሎ፣ እሷ ዓይኗ እንደፈጠጠ ነው። ደግሞም አልደከመኝም ትላለች።

አንድ ቤት ላሳያችሁ። ማንነታቸው እንዳይታወቅ የብዙ ቤት ታሪክ አቀላቅዬ ነው። ኮምቦልቻ፣ የ23 ዓመት ልጅ፣ የመጀመሪያ ልጇ ነው። በምጥ፣ በሰላም ወለደች። ባሏ ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ ይሠራል። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሚሰጠው ፈቃድ 3 ቀን ስለሆነ በ4ኛው ቀን ሥራ ገባ። ነገሩ የሚጀምረው ልክ ባል ከቤት በሚወጣበት ሰሞን ነው፤ ይሄ ሁሌ ይከነክነኛል።

በ5ኛው ቀን ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ተነስታ ዕቃ ቤቱን ስታጥብ ተገኘች። «ጎበዝ ናት፣ ቶሎ ጠነከረች» ተባለ። በ6ኛው ቀን አጥሚቱን አልጠጣም አለች፤ የሆነ ነገር ጨምረውበታል ብላ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ምንም እንዳልተፈጠረ ሆና ከእንግዶች ጋር ስታወራ ነበር። ቤተሰቡን ያዘናጋው ይሄ ነው። ይሄ በሽታ ይመጣል ይሄዳል። ጠዋት ደህና መሆኗ ማታ ደህና ትሆናለች ማለት አይደለም።

ብርድ መትቷት ነው? ጂኒ ነው? የሰው ዓይን?

በር ተከፍቶባት ብርድ ስለገባባት አይደለም። ብቻዋን ስለተተወች፣ ብረት ከራስጌዋ ስለተነሳ፣ ባሏ ስላስከፋትም አይደለም። ከወሊድ በኋላ ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ በአንዴ ይወርዳሉ፣ እንቅልፍ ይጠፋል፤ ተጋላጭ የሆነ አእምሮ ላይ ይሄ ሲገናኝ በሽታው ይነሳል። ትክክለኛው አሠራሩ እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልተፈታም።

ማን ተጋላጭ እንደሆነች ግን በደንብ ይታወቃል። ባይፖላር የሚባለው የስሜት መዋዠቅ ሕመም ያለባት፣ ከዚህ በፊት በወለደች ጊዜ እንዲህ ሆና የነበረች፣ እናቷ ወይም እህቷ በአራስነታቸው የታመሙባት። ስለዚህ ሐኪሙ «ከቤተሰብ የታመመ አለ?» ብሎ ሲጠይቅ ነውር ነው ብላችሁ አትደብቁ። «አክስቷ አንድ ጊዜ ታማ ነበር» የሚለው ቃል የሕክምናውን መንገድ ይቀይረዋል። ነገር ግን ብዙዎቹ ከዚያ በፊት ምንም ሕመም ያልነበረባቸው ናቸው።

ቤት ውስጥ ጀምሯታል። አሁን፣ በዚህ ሰዓት ምን ላድርግ?

መጀመሪያ፦ እናትና ልጅ ብቻቸውን አይሁኑ። ለ5 ደቂቃም ቢሆን። ሽንት ቤት ስትሄድም በሩ ላይ ሰው ይቁም። አንድ ሰው ከእሷ ጋር፣ ሌላ ሰው ከሕፃኑ ጋር። ሁለቱም ሰዎች ሥራቸው ያ ብቻ ነው፤ ቡና እያፈሉ አይሆንም።

ቀጥሎ ቤቱን አቅልሉት። ጠያቂውን በትህትና ሸኙ። ቴሌቪዥኑን አጥፉ። ቢላዋ፣ ምላጭ፣ የአይጥ መርዝ፣ በቤት ያለ ክኒን ሁሉ ከዓይኗ ይራቅ፤ የከሰል ምድጃውም ይውጣ። የውጭውን በር ቆልፋችሁ ቁልፉን ኪሳችሁ ያዙ፣ እሷን ግን ክፍል ውስጥ አትቆልፉባት። በነጠላም በገመድም አትሰሯት። ጫት፣ ጠንካራ ቡናና ያገኛችሁትን የእንቅልፍ ክኒን አትስጧት። በተለይ ክኒኑ፦ ሐኪሙ የሚያየውን ምልክት ይሸፍንበታል።

ከዚያ መንገድ። አንድ ሰው መኪና ይፈልግ፣ አንድ ሰው የወለደችበትን ካርድ፣ የምትወስደውን መድኃኒት፣ የጤና መድን ደብተሯን ያዘጋጅ። ባል ወረቀት ይያዝና ያየውን ከነሰዓቱ ይጻፍ፦ መቼ ነው ለመጨረሻ ጊዜ የተኛችው? ምን አለች? ስለ ልጁ ምን አለች? ስለ መሞት ወይም ስለ መሄድ ተናገረች? ቪዲዮ አትቅረጿት። ዛሬ ለሐኪም ተብሎ የተቀረጸ ነገ የሰፈር ስልክ ውስጥ ይገኛል፤ ወረቀቷ ትበቃለች።

ማታ ቢሆንስ? ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ እንዴት ይዘናት እንሂድ?

ጠዋትን አትጠብቁ። ሌሊቱ ነው የሚከብደው። የቀይ መስቀል አምቡላንስ በ907 ይጠራል። ትኩሳት ካላት፣ ከተንቀጠቀጠች፣ ራሷን አጥብቆ ካመማት፣ ብዙ ደም ከፈሰሳት መጀመሪያ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ግቡ፤ እዚያ አረጋግተው ሪፈር ይጻፉ። ያለዚያም ቢሆን ጤና ጣቢያው የደም ግፊትና ሙቀት ለመለካት 10 ደቂቃ አይፈጅበትም።

በባጃጅ አይሆንም። ጎኑ ክፍት ነው። ከኮምቦልቻ ደሴ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም የሐረጎ ጠመዝማዛ ላይ በር ከፍታ ለመውረድ የሞከረች አራስ አውቃለሁ። በመኪና ከሆነ ከኋላ ወንበር መሃል ላይ ትቀመጥ፣ ግራና ቀኟ የምታምናቸው ሁለት ሰዎች ይሁኑ። የኋላ በሩ ከውስጥ እንዳይከፈት ማድረጊያ ካለው ሹፌሩ ይቆልፈው። ሕፃኑ ከእሷ ጋር ይሂድ፣ ግን በሌላ ሰው እቅፍ። ወዴት እንደምትሄድ አትዋሿት። «ገበያ ደርሰን እንምጣ» ብላችሁ ሆስፒታል በር ላይ ብታወርዷት፣ ከዚያ በኋላ የምትሰጧትን ክኒን ለምን ትዋጥ?

ድንገተኛ ክፍል ስንደርስ ለምን መጀመሪያ ትኩሳትና ግፊት ይለካሉ? ችግሩ የአእምሮ አይደለም እንዴ?

እኔ ከሁሉ በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይሄን ነው። አራስ መቀባጠር ስትጀምር ከጀርባው ሌላ ገዳይ ነገር ሊኖር ይችላል። የማህፀን ኢንፌክሽን ወደ ደም ገብቶ ሊሆን ይችላል። የደም ግፊት ጨምሮ ኤክላምፕሲያ የሚባለው የሚጥል መንቀጥቀጥ ሊሆን ይችላል፤ ይሄ ከወለዱ በኋላም ይመጣል። የጭንቅላት ደም ሥር መዘጋት፣ ማጅራት ገትር፣ ወባ፣ ብዙ ደም ፈሷት የተፈጠረ ደም ማነስ፣ የስኳር መውረድ፣ ሁሉም ሰው ያስቀባጥራሉ። ስለዚህ ሙቀት፣ ግፊት፣ የልብ ምት፣ ስኳር፣ የደምና የሽንት ምርመራ፣ ሆድና ማህፀን ማየት ይቀድማል። ሙቀት ከ38 በላይ፣ ግፊት ከ140/90 በላይ፣ ከባድ ራስ ምታት፣ መንቀጥቀጥ ወይም ወዲያው ወዲያው የሚያሸልባት ከሆነ ነገሩ ወደ አካል ሕመም ያጋድላል። «አእምሮ ነው» ብሎ ሳይነካት ወደ ሌላ ክፍል የሚልክ ካጋጠማችሁ፣ «ግፊቷና ትኩሳቷ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ይሄ ድፍረት አይደለም።

የኮምቦልቻዋ ልጅ በ7ኛው ቀን ማታ ነው የመጣችው። ቀኑን አቂቃ ነበር፤ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ውሏል። ማታ ልጁን ጠቅልላ «ለእናቱ ላድርሰው» ብላ ከግቢ ስትወጣ አማቷ ደረሱባት። ደሴ ስትለካ ሙቀቷ 38.4፣ ግፊቷ 118/74፣ ስኳሯ ደህና። ከማህፀን የሚወርደው ፈሳሽ ይሸታል። ስለዚህ ለማህፀን ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ በደም ሥር ተጀመረላት፣ ለአእምሮዋም መድኃኒት። በ2ኛው ቀን ትኩሳቱ ወረደ። ልጁ ተለውጧል የሚለው እምነቷ ግን እንዳለ ነበር። ትኩሳቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ አብሮ ይወርድ ነበር፤ ሁለቱም ነበሩባት። ኢንፌክሽኑ ተገኘ ተብሎ የሳይኮሲሱ ሕክምና ቢተው፣ ወይም ሳይኮሲስ ነው ተብሎ ማህፀኗ ባይታይ፣ በሁለቱም መንገድ እናጣት ነበር።

የሚሰጧት መርፌና ክኒን ምንድን ነው? ሱስ አያስይዝም?

በጣም ከተረበሸችና ክኒን አልውጥም ካለች ብዙ ጊዜ ሃሎፔሪዶል በጡንቻ ይሰጣል፤ 5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ ያነሰ፣ ብዙ ጊዜ ከፕሮሜታዚን ጋር። ክኒን ከወሰደች ደግሞ ኦላንዛፒን ማታ 5 ወይም 10 ሚሊ ግራም፣ አለበለዚያ ሪስፔሪዶን። ለአጭር ጊዜ ዲያዜፓም የመሰለ ማረጋጊያም ይጨመራል። ሱስ የማስያዝ ነገር ያለው ይሄ የመጨረሻው ስለሆነ ለጥቂት ቀናት ብቻ ነው። ሌሎቹ ሱስ አያስይዙም። መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው፤ እኔ የጻፍኩት የምታዩት ነገር እንዳያስደነግጣችሁ ነው።

ከሃሎፔሪዶል በኋላ አንገቷ ወደ አንድ ጎን ከተጠማዘዘ፣ ዓይኗ ወደ ላይ ከተሰቀለ፣ ምላሷ ከከበደ ወዲያው ነርስ ጥሩ። ቤተሰብ ይሄን ሲያይ «ጂኒው ተነሳ» ይላል። የመድኃኒቱ የጎንዮሽ ችግር ነው፤ ማስታገሻው መርፌ ከተሰጣት ብዙ ጊዜ በደቂቃዎች ውስጥ ይለቃል። መልክ ያስደነግጣል እንጂ መድኃኒቱ ጨርሶ አልተስማማትም ማለት አይደለም፤ ሐኪሙ ይቀንሳል ወይም ይቀይራል። ሰውነቷ እንደ እንጨት ግትር ብሎ ከፍተኛ ትኩሳት ከመጣ ግን ያ ሌላ፣ ከባድ ነገር ነው፤ ቀጣዩ መድኃኒት ሳይሰጥ ሐኪም ይያት።

መድኃኒት እየወሰደች ማጥባት ትችላለች?

ብዙ ጊዜ አዎ። ኦላንዛፒን ወደ ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ነው። የሚታየው ልጁ ነው፦ ከወትሮው በላይ ያንቀላፋል? መጥባት ሰንፏል? ክብደት አይጨምርም? ከሆነ ንገሩ። ለስሜት መዋዠቅ የሚታዘዘው ሊትየም ግን ወደ ወተት ስለሚገባ አብዛኛውን ጊዜ ከማጥባት ጋር አይሄድም። ክሎዛፒን የሚባለው የሳይኮሲስ መድኃኒትም እንደዚሁ።

እሷ እስክትረጋጋ ጥቂት ቀን ማጥባቱ ቢቋረጥ ወተቱን በየ3 ሰዓቱ እያለቡ ማስወጣት ነው፤ አለበለዚያ ጡቷ ያብጥና ይታመማል። ለሕፃኑ በጡጦ ሳይሆን በንጹሕ ሲኒ መስጠት ይቀላል። ከፋርማሲ የወተት ማድረቂያ ክኒን ገዝታችሁ እንዳትሰጧት። ብሮሞክሪፕቲንና ካበርጎሊን የሚባሉት ሳይኮሲስን ያባብሳሉ። ይሄን የማያውቅ ሰው ብዙ ነው።

ልጁን ትጎዳዋለች? ወደ አያቱ ቤት እንውሰደው?

አብዛኞቹ እናቶች ልጃቸውን አይጎዱም። ግን አደጋው እውነት ነው፤ በልጁም በራሷም ላይ። የሚያሳስበኝ ስለ ልጁ የምታምነው ነገር ነው። «ተለውጧል»፣ «ሰይጣን ነው»፣ «ተልኮብኛል»፣ ወይም «ይሄ ዓለም አይገባውም፣ ይዤው ልሂድ» ካለች ያንን ቃል በቃል ለሐኪሙ ንገሩ። የመጨረሻው የሚነገረው በፍቅር፣ በለስላሳ ድምፅ ነው፤ ለዚህ ነው ሰው የሚያልፈው። እሷንም «ራስሽን ልታጠፊ አስበሻል?» ብሎ መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባባትም። መጠየቅ አለበት።

በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሕፃኑን የሚይዘው ሌላ ሰው ነው። ግን ጨርሶ አታርቁት። ስትረጋጋ፣ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ፣ 10 ደቂቃም ቢሆን ትያዘው፣ ታሽትተው። ልጁ ሩቅ አገር ከተላከ፣ ስትድን የሚጠብቃት «ልጄን ቀሙኝ» የሚል ሌላ ቁስል ነው።

ባሏ ነኝ። «ልጁን ለውጠውታል» ስትለኝ ምን ልመልስላት?

አትከራከራት፣ አትስማማም። «አይ፣ ዕብድ ሆነሻል እንዴ? ዓይኑ አያትሽን ነው የሚመስለው» ብትላት አንተንም ከለዋጮቹ ትደምርሃለች። «አዎ ለውጠውታል» ብትል ደግሞ አረጋገጥክላት። በመሃል ያለው መንገድ ፍርሃቷን ማየት ነው። «እንደፈራሽ አያለሁ። እኔ እዚሁ ነኝ፣ የትም አልሄድም። አብሽሪ። ብዙ ቀን አልተኛሽም፤ እንቅልፍሽ እንዲመለስ ሐኪም እናሳይ።» ድምፅህን ዝቅ አድርግ። አንድ ሰው ብቻ ያውራ። አምስት ዘመድ በአንዴ «በይ ተረጋጊ!» ሲላት የምትረጋጋ ሰው አላየሁም።

ለአንተ ደግሞ፦ የተናገረችህን ክፉ ቃል አትያዝባት። በሽታው ብዙ ጊዜ የሚጠረጥረው በጣም የሚቀርበውን ሰው ነው። ቤተሰቧና ቤተሰብህ ጥፋቱን ወደ አንዱ ወገን መግፋት ከጀመሩ አስቁም። አንተም ተኛ። ሦስት ሌሊት ያልተኛ አስታማሚ በአራተኛው ቀን ክኒኑን ይረሳል፣ በሩን ክፍት ይተዋል። ወንድሟን፣ ጓደኛህን፣ የታመነ ጎረቤት ጥራና ተራ ተካፈሉ። ለሰፈሩ የሚነገረውንም ቀድማችሁ ተስማሙ፦ «አራሷ አሟት ሆስፒታል ናት» ይበቃል።

ጠበል ብንወስዳትስ? ዱዓ ብናስደርግላትስ?

ወሎ ላይ ይሄ ጥያቄ ሳይነሳ አያልቅም፣ ሊነሳም ይገባል። ጸሎትና ዱዓ ከመድኃኒቱ ጋር አይጣሉም። ዱበርቲዎቹ አልጋዋ አጠገብ ቀስ ብለው ቢመርቋት፣ የነፍስ አባቷ መጥተው ቢጸልዩላት የምከለክል እኔ አይደለሁም።

የምከለክለው ይሄን ነው፦ መድኃኒት ማቋረጥ፣ መጾም፣ ሌሊቱን ሙሉ መቀስቀስ፣ መግረፍ፣ ማሰር፣ ጭስ ማጠን፣ ደሟ ሳይደርቅ ወይም የኦፕሬሽን ቁስሏ ሳይድን በቀዝቃዛ ውሃ መንከር። ቅደም ተከተሉም ወሳኝ ነው። መጀመሪያ ሆስፒታል። 7 ቀን ጠበል ተሞክሮ «ካልሆነ ሐኪም» የሚባለው ነው ሰው የሚያስከፍለው፤ ምክንያቱም በዚያ 7 ቀን ውስጥ ያ ማህፀን ውስጥ ያለው ኢንፌክሽን ዝም ብሎ አይጠብቅም።

አልታከምም ብትልስ? ወይም አልጋ የለም ቢሉንስ?

እምቢ ማለቷ የበሽታው አንድ አካል ነው፤ አልታመምኩም ብላ ነው የምታምነው። ቤት ሆናችሁ ክኒን በሻይ ደብቃችሁ አትስጡ። አንዴ ካወቀች ሁለተኛ ምግብም አትበላላችሁም። የምታምነው አንድ ሰው ይፈለግ፤ ብዙ ጊዜ እናቷ ወይም እህቷ ናት። «ታመሻል» ከማለት «እንቅልፍሽን» ማለት ይሻላል፤ እንቅልፍ ማጣቷን እሷም አትክድም። ያ ካልሆነና አደጋው ግልጽ ከሆነ ያለ ፈቃዷ ማከም ሊያስፈልግ ይችላል። ያንን የሚወስነውና የሚያደርገው የሕክምና ቡድኑ ነው፤ እናንተ አትታገሏት።

አልጋ ከጠፋ ወደ ቤት ከመመለስ በፊት በማህፀንና ጽንስ ክፍል ወይም በሌላ ክፍል ተኝታ የአእምሮ ሐኪም እንዲያያት ጠይቁ። ክፍሉ ላይኛው ፎቅ ላይ ከሆነ አልጋዋ ከመስኮት ይራቅ። ሁለት አስታማሚ በፈረቃ እንዲፈቀድላችሁ ለምኑ፤ የአንድ ሰው ሥራ አይደለም።

ስትወጣ ቤት ውስጥ ምን እናድርግ? ክኒኑስ መቼ ይቆማል?

ከሁሉ በፊት እንቅልፏን ጠብቁ። የኮምቦልቻዋ ልጅ ከ16 ቀን በኋላ ስትወጣ ቤተሰቡ እንዲህ ተከፋፈለ፦ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 9 ሰዓት ልጁ ከአማቷ ጋር ሌላ ክፍል ያድራል፤ የታለበ ወተት በሲኒ ይሰጠዋል። እሷ በ3 ሰዓት ክኒኗን ውጣ 6 ሰዓት ሳትቀሰቀስ ትተኛለች። ከ9 ሰዓት በኋላ ልጁ ሲያለቅስ ባል ያመጣላታል፣ ታጠባለች፣ መልሶ ይወስደዋል። ፋብሪካው ለአንድ ወር የቀን ፈረቃ ሰጠው። ክኒኑን ባል እየቆጠረ ይይዛል። ጠያቂ ቀን ላይ ብቻ፣ ከሁለት ሰው ያልበለጠ።

ልጁ ተኝቶ እሷ ሁለት ሌሊት በተከታታይ ካልተኛች፣ ወሬዋ ከፈጠነ፣ መጠርጠር ከጀመረች ቀጠሮ አትጠብቁ። ሌላም አለ፤ ሳይኮሲሱ ሲለቃት ብዙዎቹ በኀዘንና በእፍረት ይዋጣሉ። «ያን ሁሉ አደረግሁ?» ትላለች። ያን ጊዜ ቤተሰብ «ዳነች» ብሎ የተበተነበት ስለሆነ አደገኛ ነው። አጣዳፊው ክፍል በሳምንታት ውስጥ ይበርዳል፤ ሙሉ ለሙሉ ራሷን መሆን ግን ከ6 ወር እስከ 1 ዓመት ሊወስድ ይችላል። መድኃኒቱም ከዳነች በኋላ ለወራት ይቀጥላል። «ደህና ነኝ» ብላ በ6ኛው ሳምንት የምታቆም ናት ተመልሳ የምትመጣው። ደህና የሆነችው እየወሰደችው ስለሆነ ነው።

ሌላ ልጅ መውለድ እንችላለን?

ትችላላችሁ። ግን በሚቀጥለው ወሊድ የመመለሱ ዕድል ከ2 አንድ ገደማ ነው። ስለዚህ በድንገት መጸነስ የለባትም። የወሊድ መቆጣጠሪያውን ገና በ6ኛው ሳምንት ክትትል ላይ ተነጋገሩ። ለስሜት መዋዠቅ ቫልፕሮይክ አሲድ ከታዘዘላት «ገና እወልዳለሁ» ብላ ለሐኪሙ ትንገር፤ በዚህ መድኃኒት ላይ ሆነው ከተጸነሱ 10 ሕፃናት 1 ገደማ የአካል ጉድለት ይዞ ይወለዳል፤ አእምሯዊ ዕድገትንም ይጎዳል። ሌላ ምርጫ አለ። በራሷ ጊዜ ግን አታቁመው።

ስትጸንስ በመጀመሪያው የእርግዝና ክትትል ቀን ያለፈውን ትናገር። ሐኪሙ ከወሊድ በኋላ ወዲያው መከላከያ መድኃኒት ሊጀምርላት ይችላል። የምትወልደው ሆስፒታል ይሁን። ባል የዓመት ፈቃዱን ለዚያ 2 ሳምንት ያስቀምጥ፤ 3 ቀኑ አይበቃም። የሌሊቱን ተራ ማን እንደሚይዝ ምጥ ሳይመጣ ተስማሙ። የኮምቦልቻው ባል ያን ማታ ሰዓት እየመዘገበ የጻፈባትን ወረቀት አልጣላትም። የሠሩላትን መድኃኒቶች ስምና መጠን ከጀርባዋ ጻፈባትና ከልጁ የክትባት ካርድ ጋር አጥፎ አስቀመጣት።